ያለምንም ችግር ተረክቤያለሁ

የአረጋውያን መኖሪያው ሁለት በር ነበረው። የፊተኛው መኪና የሚያስገባ ሰፊ የብረት በር ነው፤ ሥራ አስኪያጇም፣ ሐኪሙም፣ ዘመድ ጠያቂውም የሚገባው በእሱ ነው። የጓሮው ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ሆኖ የወጥ ቤት ቆሻሻ ይወጣበታል። ከእሱ ወጥቶ አርባ እርምጃ የተራመደ ሰው ከባድ መኪና ከሚከንፍበት አስፋልት ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው በዚህ በር ነው።

የላይኛው ማጠፊያ ላልቶ በሩ የጣት ወርድ ያህል ወደ ታች ወረደ። በቃ፣ የተበላሸው ይኸው ነው። ቁልፉ ይዞራል፣ ምላሱም ይወጣል፣ ነገር ግን ከግንቡ ብረት ላይ በተበየደው ቀለበት ውስጥ በመግባት ፈንታ ከሥሩ ያልፋል። ድምፁን የሰማ ሰው ቀጭ ሲል ተቆለፈ ብሎ ዘወር ይላል። በክርኑ ገፋ ቢያደርገው ግን ወለል ብሎ ይከፈታል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ከሌለ ቁልፍ ይብሳል፤ ቁልፍ የሌለውን በር ሰው ይጠነቀቀዋላ።

መጀመሪያ ያየችው የቀን ጥበቃዋ ናት። ሁሉም «አሥር አለቃ» ይሏታል። ዘጠኝ ዓመት ወታደር ቤት ቆይታ ጉልበቷ እምቢ ሲላት የተሰናበተች ሴት ናት፤ ደመወዙም ልብሱም እዚያው ሲቀር ማዕረጉ ብቻ ተከትሏት መጣ። ነገር ስታወራ አታለባብስም፤ ሰው ሲያለባብስም አይሆንላትም። የምትኖረው ከልብስ ሰፊ ታናሽ እህቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ነው። ባል ነበራት። ስለ እሱ የሚጠይቃት ሰው «ነበረ» ከምትለው ሌላ ቃል አያገኝም።

ለሌላው ሰው የጓሮ በር የጓሮ በር ነው። ለአሥር አለቃ ግን የጓሮ በር ማለት መምህር ማለት ነበር። መምህር ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው፤ አሁን ትናንትና ዛሬ ተምታቶባቸዋል። የዓለምን ወንዞች አንድ ባንድ ይጠሩልሃል፣ የገዛ ልጃቸውን ስም ግን ልጁ ፊታቸው ቆሞ ይፈልጉታል። በየቀኑ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጋዜጣቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ጓሮ ያመራሉ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእሳቸው ነው፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁ ነው። አስፋልቱን ተሻግረው አውቶቡስ ሊይዙ ነው አሳባቸው። ቁልፉ ደህና በነበረ ጊዜ እጀታውን ሁለቴ ሦስቴ ሞክረው፣ ለምን እንደመጡም ረስተውት፣ ቀስ ብለው ይመለሱ ነበር።

ቁልፉ የተበላሸ ቀን አሥር አለቃ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ቢሮ ገሰገሰች። ኃላፊው ማር የሆነ አንደበት ያለው ሰው ነው። ወንበር ሳበላት።

«ችግር የለም እህቴ፣ ይሠራል» አላት።

«መቼ?»

«ቅጽ ሙዪና ይሠራል።»

ቅጹን ሞላች። «የበር ቁልፍ ስለተበላሸ ቶሎ እንዲጠገንልን» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰላት፤ የትኛው በር እንደሆነ አልተገለጸም ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ ጥፋቷን አመነች። ያን ማታ ከእህቷ ጋር ተቀምጠው እንደገና ጻፉት፤ የጓሮ በር፣ ማጠፊያው ወርዷል፣ ምላሱ ቀለበቱን ስቷል፣ አእምሯቸው የደከመ ነዋሪዎች ወደ መኪና መንገድ ሊወጡ ይችላሉ፣ አስቸኳይ ነው።

እህቷ አነበበችውና «እትዬ፣ ‹ቢቻል› የሚለውን አውጪው» አለቻት። «ምኑ ነው ቢቻል? ልመና እኮ አስመሰልሽው።»

‹ቢቻል› ወጣ። ቅጹ ገባ። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ። ሳምንት ቆይታ ብትጠይቅ ግዢ ክፍል ነው አሏት። ግዢ ክፍል ሄደች፤ እኛ ዘንድ የሚገዛ ነገር ሲኖር ነው የሚመጣው፣ ብየዳ ከሆነ ጥገና ጋር ነው አሏት። ጥገና ክፍል ተቆልፏል። እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች፤ ያውም በዚያ ጉልበት።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ከኪሷ ጋን ቁልፍና ሰንሰለት ገዝታ በሩን ጠፈረችው። በማግስቱ ማር አፉ ኃላፊ መጥቶ «ይሄንን አንሺው እህቴ» አላት። «እሳት ቢነሳ፣ አንቺ ቤትሽ ብትሆኚ፣ ማን ነው የሚከፍተው? የግል ቁልፍ በመሥሪያ ቤት በር ላይ አይንጠለጠልም።» አሁንም እውነቱን ነው። አናደዳት እንጂ እውነቱን ነው። የዚህ ቤት ሰዎች ክፋታቸው ይሄ ነው፤ አንድ ባንድ ስታነጋግራቸው ሁሉም ልክ ናቸው፣ በሩ ግን ክፍት ነው።

ሰንሰለቱን ፈትታ በሽቦ ተካችው። ሽቦ በእጅ ስለሚፈታ ማንም ምንም አላላትም። በሩን ከግንቡ ብረት ጋር አምስት ዙር ጠቅልላ ጫፉን ቆንጥጣ ታዞረዋለች። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ቆሻሻ ልታወጣ ስትመጣ ትፈታለች፣ ስትመለስ ታስራለች፤ ማለትም ስታስታውስ ታስራለች። አሥር አለቃ በሰዓት ሁለቴ የፊቱን በር ትታ እየሮጠች ትመለከተዋለች፤ የልብስ ማጠቢያው ቤት ስለሚከልለው ከጥበቃ ቤቷ አይታይም። ከፊት የመኪና ጡሩምባ፣ ከኋላ ሽቦ። አንዳንዴ ከሁለቱ መካከል ቆማ ወዴት እንደምትሄድ ይጠፋት ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት የጥገና ሠራተኛው መጣ። እሷ የዱቄት መኪና እያስገባች ሳለ በጓሮ በኩል ብቻውን ደረሰ። በሩን ያዘ፣ ነቀነቀው፣ አምስት ዙር ሽቦ የጠፈረው በር ንቅንቅ አላለም። ቅጹ ላይ «በሩ ተዘግቶ ተገኝቷል፤ ጥገና አያስፈልገውም» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ ሄደ። ሽቦውን አላየውም እንዳትሉ። አይቶታል። በሽቦ መታሰር የለበትም ያለው ግን የለም።

ይህን የሰማች ዕለት ማታ፣ «እኔው ነኝ ያበላሸሁት» አለች ለእህቷ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «አጥብቄ ባላስረው ኖሮ ያዩት ነበር።»

«ተዪዋ ታዲያ፣ አንድ ቀን አትሰሪው። ይዩት።»

«መምህር ቢወጡስ?»

እህቷ መርፌዋን አቆመች።  ባሰረችው ቁጥር በሩ ደህና ይመስላል፤ ካላሰረችው ሽማግሌው ጎማ ሥር ይገባሉ። በማግስቱ ሄዳ አሰረችው።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ በሁለት እጇ ባልዲ ተሸክማ ወጣች፤ ድስት ሊገነፍልባት ነው ብለው ሲጠሯት ባልዲውን ውጭ አራግፋ ሮጣ ገባች። ሽቦው መሬት ላይ ቀረ። አሥር አለቃ ከፊት በር ዙሯን ልታደርግ ስትመጣ በሩን ወለል ብሎ አገኘችው። ጋዜጣ ደፉ ላይ ወድቋል።

 የሚያማት ጉልበት እንዳላትም ረሳችው። አርባውን እርምጃ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም፤ አስፋልቱ ዳር ስትደርስ መምህር ከመንገዱ መካከል፣ ሁለቱን አቅጣጫ በሚለየው ቢጫ መስመር ላይ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግራና ቀኛቸው የጭነት መኪና ያፏጫል። የኮታቸው ጫፍ በነፋሱ ይርገበገባል። ፊታቸው ላይ ግን ፍርሃት የሚባል የለም። ደስ ብሏቸዋል። ከማዶ አውቶቡሱ ቆሟል፣ በሩም ክፍት ነው።

እጇን ዘርግታ አንድ መኪና አስቆመች፣ ሁለተኛው ሹፌር ወላጆቿን ሰደባት፣ ደረሰችባቸው። ክንዳቸውን ጨመቀችው።

«ደረስሽ እንዴ ልጄ?» አሏት። «ነይ፣ ነይ እንሻገር። ደወል ሊደወል ነው።»

«የዛሬው ቀርቷል መምህር፣ ስብሰባ አለ ብለዋል።»

«ስብሰባ? በክፍለ ጊዜዬ?» አሉ ተቆጥተው። እያጉረመረሙ ተከተሏት። አውቶቡሱ ሲነሳ ዞረው እስኪጠፋ ድረስ አዩት። አሥር አለቃ ግቢ ካስገባቻቸው በኋላ በሩን በሽቦ መልሳ ጠፈረችው። ከዚያ የሚያህለው የለም በሚባል ንዴት ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሴት አይደለችም። ሰምታ ደነገጠች፣ ከወንበሯ ተነሳች፣ መምህር ምን ሆኑ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ተቀመጠችና ወረቀት ፈለገች።

«ለምን እስከዛሬ አላሳወቅሽም?»

«አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ምን ሳደርግ ኖርኩ እመቤቴ? ቅጽ አስገብቻለሁ።»

ቅጹ ተፈልጎ ተገኘ፤ ከሥሩ «ጥገና አያስፈልገውም» ይላል። ሥራ አስኪያጇ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ቀና አለች። «የርክክብ መዝገቡን አምጪልኝ» አለች።

የርክክብ መዝገብ ማለት በየቀኑ ማታና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥበቃዎች ተራ ሲቀያየሩ የሚፈራረሙበት ትልቅ ደብተር ነው። የሚጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ከአሥር አለቃ በፊት የነበረውም ያንኑ ጽፏል፣ እሱም ከሱ በፊት ከነበረው ገልብጦታል፦ «ያለምንም ችግር ተረክቤ ያለምንም ችግር አስረክቤያለሁ።» እጅ ራሱ ይጽፈዋል፤ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ቃሉን እንደማይቆጥረው ማለት ነው። ችግር ሲኖር ለሚመለከተው ይነገራል እንጂ ደብተሩ ላይ ማን ይጽፈዋል?

ሥራ አስኪያጇ ገጽ ገለጠች። ያለምንም ችግር። ሌላ ገለጠች። ያለምንም ችግር። አሥራ አንድ ሳምንት፣ በአሥር አለቃ የገዛ ጽሕፈት፣ ከነፊርማዋ።

«አየሽ» አለቻት ቀስ ብላ። «ነገ የመምህር ልጅ ቢከሰኝ እኔ ፍርድ ቤት ይዤ የምቀርበው ይሄንን ነው።»

አሥር አለቃ ክው ብላ ቀረች። ማንም እንደዚህ አድርጎ አዋርዷት አያውቅም፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ያዋረዳት የራሷ እጅ መሆኑ ነው። 

«አዲስ ቅጽ ሙዪ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «እኔም እከታተለዋለሁ።»

ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች። የፊት በር ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ሄዳ ከፍታ ትመለሳለች። ምሳም አልበላች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የማታ ጥበቃው መጣ። ጋሽ ካፖርት ይሉታል፤ ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ያቺን ካፖርቱን አያወልቃትም። ደህና ሰው ነው፣ ነገር አይወድም።

አሥር አለቃ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ ጻፈች። ጋሽ ካፖርት ቆሞ ጠበቃት።

«ምን ትሞነጫጭሪያለሽ? ፈርሚና ሂጂ፣ ይመሻል።»

ሰጠችው። መነጽሩን አውጥቶ አነበበ፦ «የጓሮ በር ቁልፍ አይሠራም። በሽቦ ታስሯል። ዛሬ አንድ ነዋሪ በዚህ በር ወጥተው አስፋልት መካከል ተገኝተዋል። በዚህ ሁኔታ አስረክቤያለሁ።» እንደገና አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን እኔ አልፈርምም።»

«ምኑ ነው ውሸቱ፣ ጋሼ? ሽቦውን ማታ ማታ አንተም እኮ ታጠብቀዋለህ።»

«ውሸትማ ቢሆን በምን ዕድሌ። እውነት መሆኑ ነው ችግሩ። ይሄን ፈርሜ ከተቀበልኩ ሌሊት የወጣ ሰው የእኔ ነው።»

«እስከዛሬ የእኔ ነበር።»

«እስከዛሬ የማንም አልነበረም» አለ ጋሽ ካፖርት፣ ራሱም በተናገረው ገርሞት።

ደንቡ ይታወቃል። ርክክብ ካልተፈጸመ ተረኛው አይሄድም፣ መጪው ሥራ አይጀምርም፤ ሥራ አስኪያጅ ተጠርቶ እንደ ሦስተኛ ወገን ይፈርማል። የሥራ አስኪያጇ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ፊት በር ላይ ቆሞ ነበር። አሥር አለቃ በሩን ከፈተችላት፣ ደብተሩን ግን በመስኮቱ አቀበለቻት።

«ጋሽ ካፖርት አልረከብም ብሏል። እርስዎ ይፈርሙበት።»

ሥራ አስኪያጇ አነበበች። እስክሪብቶዋን አወጣች። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ አነሳች፣ መልሳ አሳረፈች። አሥር አለቃ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጋሽ ካፖርት ካፖርቱን እየነካካ መሬት ያያል። አንዲት ፊርማ ናት። ያቺ ፊርማ ያረፈች እንደሆነ በሩ በስም በሥራ አስኪያጇ ላይ ነው የተበላሸው። እስክሪብቶው ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ገባ፣ ስልክ ወጣ።

«ጥገናውን» አለች በስልክ። «የለም፣ ነገ አይደለም። አሁን። ብየዳህን ይዘህ ና።»

ሰማዩ ገና ሳይጠቁር መጣ፤ ያው «አያስፈልገውም» ብሎ የፈረመው ሰውዬ ነው። ሽቦውን በጉጠት ቆርጦ ጣለ፣ በሩን ከሥሩ በፍልጥ ደግፎ አነሳ፣ ማጠፊያውን አስተካክሎ በየደው። ምላሱን አስወጥቶ ቀለበቱ ውስጥ ጠልቆ ሲገባ አሳያቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። አሥራ አንድ ሳምንት፣ ለሩብ ሰዓት ሥራ። አሥር አለቃ ልትስቅም ልትሳደብም ፈለገች፤ ለሁለቱም አቅም አጣች።

«ሽቦ ባታስሪበት ያኔውኑ እሠራው ነበር» አላት ዕቃውን እየሰበሰበ። የተቆረጠውን ሽቦ ከመሬት ለቀመችው።

ጋሽ ካፖርት በሩን በክርኑ ገፋው። በትከሻው ገፋው። ንቅንቅ የለም። ደብተሩ ላይ «ያለምንም ችግር ተረክቤያለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እቤት ስትደርስ እህቷ ነገሩን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ አሥር አለቃ ግን እራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ዙሯን ስታደርግ መምህር በሩ ዘንድ ቆመው አገኘቻቸው። ኮታቸውን ቆልፈዋል። እጀታውን ሞከሩት። ደግመው ሞከሩት። እንደ ድሮው ረስተውት ይመለሳሉ ብላ ጠበቀች። አልተመለሱም። የልጃቸውን ስም የማያስታውሱ ሰው የትናንቱን አውቶቡስ አልረሱትም። በመዳፋቸው በሩን መታ መታ አደረጉት፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ጥበቃዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ መምህር።»

«ይሄ በር ተበላሽቷል። ትናንት ደህና ነበረ፣ ዛሬ አይከፈትም። ልጆቹ ከፀሐይ ቆመዋል። ለሚመለከተው ክፍል ንገሪልኝ፣ ቶሎ ይሠራ።»

ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልትነግራቸው አሰበች፣ ዘግቼብዎት ነው ልትል፤ እንደዚያ ብትላቸው የሚገባቸውም አልመሰላት፣ ቢገባቸው ደግሞ የባሰ ነው።

«እነግራለሁ መምህር» አለች።

«መቼ ይሠራል?»

አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በየቢሮው እየዞረች የጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ ሲጠይቋት ግን ዓይናቸውን ማየት አቃታት።

«ቅጽ ሞልቻለሁ» አለቻቸው። «በቅርብ ቀን ይሠራል።»

መምህር አመሰገኗት። ጋዜጣቸውን ብብታቸው ሥር አስተካክለው፣ በሩን ተደግፈው መጠበቅ ጀመሩ።